የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ጄላቲን፣ ሼላክ፣ ኢ471... ከጥቅሉ ጀርባ ምን አለ?

«ልጆቼ በጾም የሚለመጥ ለስላሳ ከረሜላ ይበላሉ። ጥቅሉን ገልብጬ አየሁት፣ ሥጋም ወተትም አይልም። ጄላቲን የሚል ግን አለ። ሐላል የሚል ምልክትም አለው፣ ታዲያ ችግር አለው እንዴ?»

አዎ እናቴ፣ ለጾም አይሆንም። ጄላቲን የአሳማ ወይም የከብት ቆዳና አጥንት በአሲድ ወይም በኖራ ተዘፍዝፎ፣ ከዚያ በሙቅ ውሃ ሲፈላ የሚወጣ ፕሮቲን ነው። አጥንት ቀቅለው መረቁን ሲያሳድሩት የሚረጋው ነገር አለ አይደል? እሱው ነው፣ ተጣርቶና ደርቆ።

ሐላል የሚለው ምልክት የሚነግርዎት አሳማ እንዳልገባበት ነው። ከከብት ወይም ከዓሣ የተሠራ ጄላቲን ሐላል ሊሆን ይችላል፤ ያው ከእንስሳ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሸወዳል።

«ሥጋ አይልም» ላሉት ደግሞ ምክንያቱ ቀላል ነው። ብዙ ጥቅሎች ላይ በደማቁ ተጽፈው የሚወጡት አለርጂ የሚያስነሱ ነገሮች ናቸው፦ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ኦቾሎኒና የመሳሰሉት። የከብትና የአሳማ ጄላቲን እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ ደማቁን ብቻ አይተው አይለፉ፣ በደቃቁ የተጻፈውንም እስከ መጨረሻው ያንብቡ።

በጄላቲን ፈንታ ፔክቲን (ከፍራፍሬ ልጣጭ) ወይም አጋር (ከባሕር አልጌ) የገባበት ከረሜላም አለ። ሲነከስም ይለያል፤ የጄላቲኑ ይለጠጥና ይመለሳል፣ የፔክቲኑ ግን ቶሎ ይቆረጣል። ይሄ ግን ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም። አንዳንዶቹ ስታርች ስለሚቀላቅሉ ጥርስዎን ብቻ አይመኑ።

«ጄላቲን የሌለው ከረሜላ አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። የተጻፈው፦ ግሉኮስ ሽሮፕ፣ ስኳር፣ ፔክቲን፣ ሲትሪክ አሲድ፣ ማቅለሚያ ኢ120፣ ማብለጫ ኢ904። ጾም ነው ልበል?»

እስከ ሲትሪክ አሲዱ ድረስ ልክ ነህ። ከዚያ በኋላ ሁለት ነፍሳት ገብተዋል።

ኢ120 ካርሚን ይባላል። ቁልቋል ላይ የሚኖር ኮቺኒል የሚባል ትንሽ ነፍሳት ደርቆ፣ ተፈጭቶ የሚወጣ ቀይ ቀለም ነው። ኢ904 ደግሞ ሼላክ ነው። ላክ የምትባል ነፍሳት ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የምታመነጨው ሙጫ ተፍቆ፣ ተጣርቶ፣ ከረሜላውን እንዲያብለጨልጭ ይቀባል። አንዳንድ የመድኃኒት እንክብሎችም በሱ ይሸፈናሉ።

ሼላክ ላይ ሰው አይስማማም። አንዳንዱ «ማር እንደማለት ነው፣ ነፍሳቷ ያመነጨችው እንጂ ሥጋዋ አይደለም» ይላል። ሙጫው ሲሰበሰብ ግን ነፍሳቱም አብረው ይፋቃሉ፣ ብዙዎቹም ያልቃሉ። እኔ የምግብ ባለሙያ ነኝ፤ ለጾም ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን የንስሐ አባትህን ጠይቅ። ካርሚኑ ግን ነፍሳቱ ራሱ ስለሆነ ብዙም የሚያከራክር አይመስለኝም። ማብለጫው ኢ903 ቢሆን ኖሮ ከዘንባባ ቅጠል የሚገኝ ሰም ስለሆነ ችግር የለውም። ኢ901 ደግሞ የንብ ሰም ነው።

«ብስኩት ላይ ኢ471 የሚል አየሁ። አንዱ የአሳማ ስብ ነው ይላል፣ ሌላው የአትክልት ዘይት ነው ይላል። የቱ ነው ልክ?»

ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፣ አስቸጋሪነቱም እዚህ ላይ ነው። ኢ471 ከስብ የሚሠራ፣ ዘይትና ውሃን የሚያዋህድ ነገር ነው። ስቡ ከፓልም፣ ከአኩሪ አተር፣ ከከብት ሞራ ወይም ከአሳማ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ያው ነው፣ ብስኩቱን ቀምሰሽም አትለዪውም። ዝርዝሩ ላይ «የአትክልት ዘይት» መባሉም አያረጋግጥልሽም፤ ያ የብስኩቱ ዋና ዘይት ነው፣ ኢ471ን አይመለከትም።

ያለሽ መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው «ቪጋን» የሚል ምልክት መፈለግ ነው፤ ከእንስሳ የተገኘ ነገር የለበትም ማለት ነው። «ቬጀቴሪያን» ለጾመኛ አይበቃም፣ ወተትና እንቁላል ይፈቅዳልና። ሁለተኛው አምራቹን መጠየቅ ነው። ስትጠይቂ ግን «ጾም ነው ወይ?» አትበይ፣ ቶሎ «አዎ» ብለው ይሸኙሻል። «ኢ471 የተሠራው ከአትክልት ስብ ብቻ ነው?» በያቸው። ጥያቄው ጠበብ ሲል መልሱም ይጠራል።

«እኔ ጾመኛ አይደለሁም፣ ሥጋ ብቻ ነው የማልበላው። አይብ እበላለሁ። ሬኔት የሚሉት ነገር አሳስቦኛል።»

የቀድሞው ሬኔት ከታረደ ጥጃ አራተኛ የጨጓራ ክፍል የሚወጣ፣ ወተት የሚያረጋ ኤንዛይም ነው። አሁን ብዙ አይብ የሚረጋው ከሻጋታ በሚገኝ ወይም በረቂቅ ሕዋሳት አማካይነት በሚመረት ኤንዛይም ነው። «ማይክሮቢያል ሬኔት» ወይም «ለቬጀቴሪያን የሚሆን» ካለ ብላው። ዝም ብሎ «ሬኔት» ወይም «ኤንዛይም» ካለ ምንጩ አልተገለጸም ማለት ነው። ፓርሚጃኖ ሬጃኖ የሚባለው የጣሊያን አይብ ከሆነ ግን መፈለግህን ተወው፤ የአሠራር ደንቡ ራሱ የጥጃ ሬኔት ያስገድዳል።