ማይክ ከመግዛታችሁ በፊት ስልኩን አስጠጉት

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ዋላችሁ?

«የትኛውን ማይክ ልግዛ?» የሚል ጥያቄ አይጠፋም። መልሴ ብዙ ሰው አያስደስትም፦ ለጊዜው ምንም አትግዙ። በስልክ ስትቀዱ ድምፃችሁ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስለው ብዙውን ጊዜ ስልኩ ርካሽ ስለሆነ ሳይሆን ርቆ ስለተቀመጠ ነው።

ማይኩ ጋ ሁለት ዓይነት ድምፅ ይደርሳል። አንዱ ከአፋችሁ በቀጥታ ይሄዳል። ሌላው ግድግዳና ጣሪያ መትቶ ይመለሳል። ስልኩን ስታስጠጉት ቀጥተኛው ይጎላል፣ ተመላሹ ግን ባለበት ይቀራል። ርቀቱ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር ቀጥተኛው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል። ከ80 ሳንቲ ሜትር ወደ 20 ካመጣችሁት 12 ዴሲቤል አተረፋችሁ ማለት ነው፤ ያውም በነፃ።

20 ሳንቲ ሜትር አንድ ስንዝር ነው። በስንዝራችሁ ለኩት። የአብዛኛው ስልክ ዋና ማይክ ከታች፣ ቻርጀር ከሚሰካበት አጠገብ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ናት። እሷ ወደ አፋችሁ ትዙር፣ ከቨሩም አይሸፍናት። ግን ፊት ለፊት አታድርጓት። እጃችሁን አፋችሁ ፊት አድርጉና «ፓፓ» በሉ። ያ ትንፋሽ ማይኩን ሲመታው ቅጂው ላይ «ቡፍ» ይላል። ስለዚህ ስልኩን ወደ ጉንጫችሁ በኩል ገለል አድርጉት። በእጅ መያዝም ይቅር፣ ጣት ሲንቀሳቀስ ይሰማል። መጻሕፍት ደራርባችሁ፣ የታጠፈ ፎጣ ጣል አድርጋችሁ ከላይ አስቀምጡት።

አሁን ወደ ክፍሉ እንሂድ። 3 በ4 ሜትር የሆነ፣ ግድግዳው ባዶ፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ አንድ ቁም ሣጥን ያለው ክፍል እንውሰድ። መሃሉ ላይ ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ። ከጭብጨባው ኋላ «ዝንን» የሚል ጭራ ከሰማችሁ፣ ቅጂው ላይም አይቀርላችሁም። ብዙ ሰው ጠረጴዛውን ወደ ባዶው ግድግዳ ያዞራል፤ ድምፁ ግድግዳውን መትቶ ቀጥ ብሎ ወደ ማይኩ ይመለሳል። ይልቅ ቁም ሣጥኑን ክፈቱና ልብሶቹን ፊት ለፊት ተመልከቱ። ስልኩ በእናንተና በልብሶቹ መካከል ይሁን። ከጀርባችሁ ደግሞ ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀሉ፣ ከግድግዳው ትንሽ ፈቀቅ ቢል ይሻላል። (የእንቁላል ካርቶን መለጠፉን ተዉት። ግድግዳ ከማበላሸት ውጪ እምብዛም አይረዳም።)

ብርድ ልብሱ የክፍሉን ማስተጋባት እንጂ የመንገዱን መኪና አያስቆምም። ለዚያ መፍትሔው ፀጥ ያለ ሰዓት መምረጥ ብቻ ነው። ፍሪጁን ግን ማጥፋት ይቻላል። መልሳችሁ መሰካቱን እንዳትረሱ የቤት ቁልፋችሁን ውስጡ አስቀምጡ።

ዋናውን ቅጂ ከመጀመራችሁ በፊት ስልኩን የበረራ ሁነታ ላይ አድርጉና ሙከራ ቅዱ። 10 ሰከንድ ዝም በሉ፣ ከዚያ ጥቂት ዓረፍተ ነገር አንብቡ። በኢርፎን አዳምጡት። ቃሉ ሲያልቅ ጭራ ካለው ወደ ልብሶቹ ጠጋ በሉ። «ቡፍ» ካለ ስልኩን ትንሽ አዙሩት። ስትጮሁ ድምፁ ከተሰነጣጠቀ ከስንዝሩ ላይ ሁለት ጣት ጨምሩና እንደገና ቅዱ።