የመጀመሪያዋ ጋጋሪ

ብሩክ፦ ኮዬ ፈጬ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች የምታከፋፍል አድማጫችን ሰው ልትቀጥር ነው። «ማን ልቅጠር፣ ጋጋሪ ወይስ አከፋፋይ?» ብላለች።

ሄለን፦ ምጣዷ መቼ ሥራ እንደሚፈታ ነው የጠየቅኳት። ከጠዋቱ 1 እስከ 5 እሷ ሱቅ ለሱቅ ስትዞር ሁለቱም ምጣድ ቁጭ ብሎ ይውላል።

ብሩክ፦ እና አከፋፋይ ትቅጠራ!

ሄለን፦ ባለሱቆቹ በዱቤ ነው የሚወስዱት። ማን ከፈለ፣ ማን አልከፈለ የሚለውን የምታውቀው እሷ ናት። ሊጡን ራሷ ብታቦካ፣ ሲደርስም አብሲቱን ራሷ ብትጥል ጋጋሪዋ የሚቀራት ማውጣት ነው። እርሾውና ገንዘቡ ከእጇ አይውጣ።

ብሩክ፦ ደሞዙስ? ለግል ድርጅት በሕግ የተቀመጠ ዝቅተኛ ደሞዝ የለም።

ሄለን፦ ስለዚህ መነሻውን ሰፈሩ ይነግርሻል። እዚያው ያሉ ጋጋሪዎችን ጠይቂ። ጣሪያውን ግን ሂሳብሽ ነው የሚወስነው። በቀን 100 እንጀራ ቢጨመር፣ ከጤፍና ከመብራት በኋላ በአንዱ 5 ብር ቢተርፍ፣ በ26 ቀን 13,000 ብር ነው። 8,000 ብትከፍል፣ 11 በመቶ የአሠሪ ጡረታ ሲጨመር 8,880 ይሆናል።

ብሩክ፦ 4,000 ገደማ ይተርፋታል። 10,000 ብትልስ?

ሄለን፦ ከጡረታው ጋር 11,100። የሚተርፈው 1,900 ነው። አራት ቀን መብራት ከጠፋ በቃ፣ ኪሳራ ነው። እኔ ከ6,500 እስከ 8,000 ብላ ማስታወቂያው ላይ ትጻፈው ባይ ነኝ። «በስምምነት» የሚል ማስታወቂያ ስልክ ብቻ ያስጮኻል።

ብሩክ፦ የሙከራ ጊዜውን ብዙዎች «ሦስት ወር» ይላሉ።

ሄለን፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም ይላል። በሳምንት ስድስት ቀን ከተሠራ አሥር ሳምንት ነው። ደግሞ በጽሑፍ መሆን አለበት። በአፍ ብቻ «እንሞክርሽ» ብለሽ ካስገባሻት ኋላ «ሙከራ ላይ ነበረች» ማለት አትችይም። ተፈርሞ ከሆነ ግን ካልተስማማች ያለ ማስጠንቀቂያ መለያየት ይቻላል።

ብሩክ፦ በሙከራ ጊዜ ደሞዝ የማይከፍሉ አሉ እኮ።

ሄለን፦ ይሄ ግፍ ነው። ሠርታለች፣ ይከፈላታል። ከመፈረሙ በፊትም ሃያ እንጀራ አስወጥታ፣ የሰዓቱን ከፍላ ትያት። ዓይኑን ብቻ ሳይሆን ገልብጣ ጀርባውን ትይ። አሥረኛው ከተቃጠለ ወይ ሙቀቱን አልተቆጣጠረችም፣ ወይ ምጣዱን በደንብ አላሰሰችም።

ብሩክ፦ የት ታስነግር? ደላላ?

ሄለን፦ ለዚህ ሥራ አልመርጥም። ከከተማው ሌላ ጫፍ የምትመጣ ሰው ጠዋት 1 ሰዓት ኮዬ ለመድረስ ታክሲ ትጋፋለች፤ ደሞዟም መንገድ ላይ ያልቃል። በእግሯ የምትመጣ ነው የምትፈለገው። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ፣ የብሎኩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይግባ። ወፍጮ ቤት ጤፍ የሚያስፈጩት እኮ ጋጋሪዎቹ ናቸው።

ብሩክ፦ ዋስ ትጠይቅ?

ሄለን፦ ገንዘብ ካልያዘች ለምን? መታወቂያዋን አይታ፣ የጤና ምርመራዋን አሠሪዋ ራሷ ከፍላ ታስደርግላት። ያ ይበቃል።