አድራሻ ከመቶ ስንት ይያዝለት?

ደረጀ፦ ዛሬ የምንቀዳው ከሐዋሳ ነው፤ ጥያቄውም የዚሁ ከተማ ቀጣሪዎች ጥያቄ ነው። የአመልካች ሲቪ ከመቶ ሲመዘን የመኖሪያ ቦታው፣ ለመዛወር ያለው ፈቃደኝነት እና የሥራ ፈቃዱ ነጥብ ይያዝላቸው ወይ? ሰላም፣ አንቺ ምን ትያለሽ?

ሰላም፦ አይያዝላቸው። ነጥቡ የሚናገረው አንድ ነገር ይሁን፤ ሰውዬው ሥራውን ይችለዋል ወይስ አይችለውም። ሦስቱም ይጠየቁ፣ ግን ከነጥቡ ጎን የየራሳቸው አምድ ይኑራቸው።

ደረጀ፦ እስቲ በቁጥር አሳዪን።

ሰላም፦ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ያለ አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ፈለገ እንበል። አንዷ አመልካች አዲስ አበባ ናት፤ በሙያዋ ብቻ 84 አገኘች። ሌላው እዚሁ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው፤ እሱ 71 አለው። አሁን ለመኖሪያ ቦታ 20 እንያዝ፤ ለሙያ 80 ቀረ። የሷ 84 በ0.8 ሲባዛ 67.2 ይሆናል፤ በአድራሻ ምንም ስላላገኘች እዚያው ላይ ቆመች። የሱ 71 ወደ 56.8 ይወርድና 20 ሲደመርበት 76.8 ይሆናል። ማለፊያው 70 ከሆነ እሷ ለቃለ መጠይቅም አልተጠራችም።

ደረጀ፦ ቀጣሪው ግን «አዲስ አበባ ያለች ሰው ተቀጥራ ብትቀርብኝስ?» ይላል። ስጋቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም።

ሰላም፦ እውነት ነው፤ ግን ስጋቱን የሚፈታው ስልክ እንጂ ነጥብ አይደለም። ሲቪ ላይ ያለው አድራሻ መታወቂያ የወጣበት ቀበሌ ሊሆን ይችላል፣ ተመርቆ የወጣበት ከተማም ሊሆን ይችላል። ሰውዬው ዛሬ የት እንደሚያድር አይነግርህም፤ ነገ የት ሊኖር እንደሚፈልግማ ጭራሽ።

ደረጀ፦ ስለ መዛወር ምንም ያልጻፈስ?

ሰላም፦ ብዙ ማጣሪያ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ኤክሴሉ ባዶውን ሳጥን ዜሮ አድርጎ ይደምራል፤ ያልተጠየቀ ሰው «አልዛወርም» እንዳለ ተቆጠረበት ማለት ነው። መልሱ ሦስት ዓይነት ይሁን፤ «አዎ»፣ «አይ»፣ «አልተጠየቀም»። «አልተጠየቀም» የሚለው ሰውየውን አይጥለውም፤ እንዲደወልለት ያስታውሳል። ሲደወልም «ትዛወራለህ?» ብቻ ብሎ መዝጋት አይበቃም፤ ከመቼ ጀምሮ፣ በዚህ ደመወዝ፣ ፋብሪካው የቤት ኪራይ ሳይችል ይመጣል ወይ ተብሎ ይጠየቅ። ደመወዙን ሳይሰማ «አዎ» ያለ ሰው በኋላ ሐሳቡን ቢቀይር አይፈረድበትም።

ደረጀ፦ ወደ ሥራ ፈቃድ እንምጣ። ይሄኛው የሕግ ጉዳይ ነው።

ሰላም፦ ሕግ ስለሆነ ነው ነጥብ የማይሆነው። ለፈቃድ 10 ያዝን እንበል። ፈቃድ የሌለው የውጭ ዜጋ በሙያ 90 ቢያገኝ 81 ይዞ ያልፋል፤ ፈቃድ እስካልወጣለት ድረስ ግን ማሠራት አይቻልም። በሌላ በኩል በሙያ 75 ያለውን ሰው ያው ፈቃድ ማጣት ወደ 67.5 አውርዶ ይጥለዋል፤ አሠሪው ፈቃድ ለማስወጣት ዝግጁ ሆኖ ሳለ። ለአንዱ ላላ፣ ለሌላው ጠበቀ።

ደረጀ፦ ፈቃድ አለኝ ያለ ሰውም ዝም ብሎ አይታለፍም። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ፈቃዱ የሚሰጠው ለተወሰነ የሥራ ዓይነት ነው፤ የሚሰጠው ለ3 ዓመት ሆኖ በየዓመቱ ይታደሳል፣ የሥራው ዓይነት ሲቀየር ደግሞ ፈቃዱም ይቀየራል። የማሽን ቴክኒሻን ሆኖ ያወጣውን ይዞ የምርት ሥራ አስኪያጅ ልሁን ቢል አይሠራለትም።

ሰላም፦ ቢጫ ካርድ የያዙትንም አትርሳ። ትውልደ ኢትዮጵያዊ የውጭ ፓስፖርት ስላለው ብቻ «ፈቃድ የለውም» ተብሎ ይጣላል፤ ቢጫ ካርዱ ካለው ግን የሥራ ፈቃድ አይጠየቅም። ስለዚህ ቅጹ ዜግነትን አይጠይቅ፤ «ለዚህ ሥራ የሥራ ፈቃድ ያስፈልግሃል ወይ? ካስፈለገህ በእጅህ ያለው ለየትኛው የሥራ ዓይነት ነው?» ይበል።

ደረጀ፦ እና ቦታ የሚቆጠርበት ሥራ ፈጽሞ የለም እያልሽ ነው?

ሰላም፦ አለ እንጂ። ሌሊት ማሽን ሲቆም በግማሽ ሰዓት ውስጥ መድረስ ያለበት የጥገና ሠራተኛ፣ ባጃጅ በማይገኝበት ሰዓት ማለት ነው፣ ሐዋሳ መኖር አለበት። ያኔም ማስታወቂያው ላይ እንደ ቅድመ ሁኔታ ይጻፍ፤ የሚጠየቀውም ሥራ ሲጀምር የት እንደሚኖር ነው፣ ሲያመለክት የት እንዳለ አይደለም።

ደረጀ፦ አድራሻን ነጥብ ውስጥ ከትቶ ሲሠራ የቆየ ቢሮስ ምን ያድርግ?

ሰላም፦ ያለፈውን የአንድ ቅጥር ዝርዝር ያውጣና ሁለት ጊዜ ደረጃ ያውጣለት፤ አንዴ ከነአድራሻው፣ አንዴ አድራሻውን አንስቶ ቀሪውን መልሶ ከመቶ እያሰበ። የፊተኞቹን አሥር ስሞች ጎን ለጎን ያስቀምጥ። አራት አምስቱ ከተቀያየሩ ለቃለ መጠይቅ ሰው የመረጠለት ሙያው ሳይሆን አድራሻው ነው፤ ከዝርዝሩ ለወጡት ሰዎች አሁንም መደወል ይችላል።