ከፔሮል ሠንጠረዥ የሚጀምር ኦንላይን ኮርስ

ክቡራትና ክቡራን፣ የሙያ አጋሮቼ፤

እዚህ የተገኛችሁት በአብዛኛው የሒሳብ ባለሙያዎችና አሠልጣኞች ስለሆናችሁ፣ ኦንላይን ኮርስ ስለማዘጋጀት በጥቅሉ ከምናገር አንድ ኮርስ ይዤ ከንድፉ እስከ መጀመሪያው ሽያጩ ድረስ ብከተለው ይሻላል ብዬ አስቤአለሁ። የመረጥኩት ኮርስ የሠራተኛ ደመወዝን በኤክሴል ማዘጋጀት፣ በተለምዶ ፔሮል መሥራት የምንለውን፣ የሚያስተምር ነው። ተማሪው በቅርቡ ተመርቆ በአንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ የተቀጠረ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ወሩ ሲገባደድ የአሥራ ሁለት ሠራተኞችን ደመወዝ ሠርቶ ለሥራ አስኪያጁ ማቅረብ አለበት፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ደመወዝ ሒሳብ ተምሯል፣ ሠንጠረዡን ግን በእጁ ሠርቶ አያውቅም።

ተማሪውን እስከዚህ ድረስ ማጥበቤ ያለ ምክንያት አይደለም። «ኤክሴል ከሀ እስከ ፐ» የሚል ርዕስ ብዙ ሰው የሚስብ ይመስላል፤ ሆኖም ርዕሱን የሚያነበው ሰው ኮርሱን ሲጨርስ በእጁ ምን እንደሚኖረው ሊገምት አይችልም፣ ያንኑ ትምህርት በነፃ የሚሰጡ ቪዲዮዎችም ዩቲዩብ ላይ ሞልተዋል። «የአሥራ ሁለት ሠራተኞችን የወር ደመወዝ በራስህ ሠርተህ ታስረክባለህ» የሚለው ግን ገዢው ሊመዝነው የሚችል ቃል ነው። እኔ የምሸጠው ቪዲዮ አይደለም፤ የምሸጠው ተማሪው ራሱ የሠራውንና ስህተቱ የታረመለትን ሠንጠረዥ ነው። የሞጁሎቹ ቅደም ተከተልም፣ ዋጋውም፣ የመጀመሪያው ሽያጭም ከዚህ ይመነጫሉ።

ስለዚህ ንድፉን ከመጨረሻው እንጀምረው። ያለቀለትን ሠንጠረዥ ከፊታችሁ አስቀምጡና እያንዳንዱ ዓምድ ከየት እንደመጣ ወደ ኋላ ጠይቁ። የተጣራ ክፍያ የሚገኘው ጠቅላላ ክፍያው ላይ ተቀናሾች ሲቀነሱ ነው፤ ዋናዎቹ ተቀናሾች የሥራ ግብርና ጡረታ ናቸው፤ ጠቅላላ ክፍያውን የሚሠሩት ደግሞ መሠረታዊ ደመወዝ፣ አበልና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ናቸው። በዚህ መንገድ አምስት ሞጁሎች ይወጣሉ፦ የሠራተኞች መረጃ፣ ጠቅላላ ክፍያ፣ ጡረታ፣ የሥራ ግብር፣ በመጨረሻም የተጣራ ክፍያና ለባንክ የሚላከው ዝርዝር። በየሞጁሉ ማብቂያ ተማሪው በዚያው ፋይል ላይ የተወሰኑ ዓምዶችን ሞልቶ ይልካል። በንድፋችሁ ውስጥ ምንም ዓምድ የማይሞላ ትምህርት ካገኛችሁ፣ ለምሳሌ «የኤክሴል ታሪክ» ወይም «የሪባኑ ክፍሎች»፣ ያለ ርኅራኄ አውጡት።

ሞጁሎቹ ግን ክብደታቸው እኩል አይደለም፤ እኩል ለማድረግ መሞከርም አያስፈልግም። የጡረታው ሞጁል አጭር ነው፤ በግል ድርጅት ሠራተኛው ከመሠረታዊ ደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፣ ተማሪው ሊጠነቀቅ የሚገባውም የአሠሪው ድርሻ ከሠራተኛው ክፍያ እንዳይቀነስ ብቻ ነው። የጠቅላላ ክፍያው ሞጁል ትንሽ ይረዝማል፣ ምክንያቱም በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የትርፍ ሰዓት ማባዣው በቀን 1.5፣ በሌሊት 1.75፣ በሳምንታዊ ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል ቀን 2.5 ስለሆነ አራቱንም ለየብቻ ማሳየት ይጠይቃል። ተማሪዎች የሚቆሙት ግን አራተኛው ሞጁል ላይ ነው፤ እኔም ዛሬ እዚያ ላይ ልቆይ።

ወርኃዊ ደመወዙ 9,000 ብር የሆነና አበል የሌለው ሠራተኛ እንውሰድ። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው፤ ከዚያ እስከ 4,000 ብር 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ብር 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ብር 25 በመቶ እያለ ይቀጥላል። የዚህ ሰው ግብር በእርከን ሲሰላ 300፣ 600 እና 500 ብር፣ በድምሩ 1,400 ብር ይሆናል። የጡረታ መዋጮው 630 ብር ነውና የተጣራ ክፍያው 6,970 ብር ነው። ጀማሪ ተማሪ በተለምዶ የሚሠራው ስህተት 9,000ውን በሙሉ በ25 በመቶ አባዝቶ 2,250 ብር ማለቱ ነው፤ ይህን ቁጥር በላከላችሁ ፋይል ላይ ካያችሁ ችግሩ ኤክሴል ሳይሆን የእርከኑ ሐሳብ እንደሆነ ወዲያው ታውቃላችሁ፣ የምትልኩለት ማብራሪያም ያንን የሚመለከት ይሆናል።

የግብሩ ሞጁል ሌላም ነገር ያስተምረናል። ከማሻሻያው በፊት ከግብር ነፃ የነበረው የመጀመሪያው 600 ብር ብቻ ነበር። የቀድሞዎቹን መጣኔዎች በየቪዲዮው ውስጥ እየጠራ የቀረጸ አሠልጣኝ፣ ሕጉ በተለወጠ ማግስት ኮርሱን ከሞላ ጎደል በሙሉ እንደገና ለመቅረጽ ይገደዳል። ስለዚህ ሊለወጥ የሚችለውን ከማይለወጠው ለዩት። መጣኔዎቹን በአንድ አጭር ቪዲዮ ብቻ ተናገሩ፤ በፋይሉም ውስጥ በተለየ ገጽ ላይ በሠንጠረዥ አስቀምጧቸው፤ ተማሪው ቁጥሮቹን በ IF ቀመር ውስጥ ከመክተት ይልቅ በ VLOOKUP ከዚያ ገጽ እንዲያነብ አድርጉት። ሕጉ ሲለወጥ እናንተ አንዱን ቪዲዮ ትቀይራላችሁ፣ ተማሪውም አንዱን ገጽ ይቀይራል።

ስለ ቀረጻው ብዙ አልልም። አብዛኛው ተማሪ የሚያየው በስልክ ስለሆነ የኤክሴሉን ገጽ ቢያንስ 150 በመቶ አጉሉት፣ ቀርጻችሁ ስታበቁም በራሳችሁ ስልክ ላይ ክፈቱትና የሕዋሱ ቁጥር ይነበብ እንደሆነ እዩ። ከምስሉ ጥራት ይልቅ ድምፁ ይበልጣል። በሰከንድ አንድ ሜጋቢት ሆኖ የተቀረጸ የአሥር ደቂቃ ቪዲዮ 75 ሜጋባይት ገደማ ስለሚይዝ፣ የሞባይል ዳታ እየገዛ የሚማር ሰው ረጅምና ከባድ ፋይል ሲያይ ነገ አየዋለሁ ብሎ ይተወዋል። ከስድስት እስከ አሥር ደቂቃ ይበቃል።

ወደ ዋጋ ልለፍ። ብዙዎቻችን ዋጋ የምንተምነው የቪዲዮውን ሰዓት ቆጥረን ወይም የሌላ አሠልጣኝን ዋጋ አይተን ነው፤ ሁለቱም ያሳስታሉ፤ እውነተኛው ወጪያችን እርማቱ ነውና። በሒሳብ ላሳያችሁ። አሥራ አምስት ተማሪዎች አላችሁ እንበል፣ የእያንዳንዱን ፋይል አይቶ ለመመለስም በሳምንት ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ይህ በሳምንት አምስት ሰዓት፣ በአምስት ሳምንት ሃያ አምስት ሰዓት ነው። በነፍስ ወከፍ 600 ብር ብታስከፍሉ ጠቅላላ ገቢው 9,000 ብር ይሆናል፤ ለእርማቱ ብቻ ሲካፈል በሰዓት 360 ብር ይደርሳል፣ የቀረጻው ድካም ገና ሳይነሳ። ተማሪው ሠላሳ ሲሆን ገቢው እጥፍ ይሆናል፣ ግን የእርማቱ ሰዓትም አብሮ እጥፍ ይሆናል፣ በሰዓት የምታገኙትም ከ360 ብር ፈቅ አይልም። «ብዙ ሰው በርካሽ» የሚለው ስሌት የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው።

በእኔ ግምት የሚያዋጣው ሁለት ዋጋ ማውጣት ነው። ቪዲዮውንና ባዶውን ፋይል ብቻ ለሚወስድ አንድ ዋጋ፣ ለምሳሌ 1,200 ብር፤ ሠንጠረዡ እየታረመለት ለሚማር እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ፣ ለምሳሌ 2,500 ብር። የሁለተኛውን ቦታ በሰዓታችሁ ልክ ወስኑ፣ ሲሞላም ዝጉት። ስለ ሰርተፊኬት መጠየቃችሁ አይቀርም። መልሱ ግልጽ ይሁን፦ የምትሰጡት ወረቀት የእናንተ ማረጋገጫ እንጂ ሲኦሲ አይደለም፣ ይህንንም ሰውየው ከመክፈሉ በፊት ንገሩት።

የመጀመሪያው ሽያጭ ላይ ሳትደርሱ አምስቱንም ሞጁሎች ቀርጻችሁ አትጨርሱ። ንድፉንና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሞጁሎች ብቻ ያዙና ለአሥራ አምስት ሰዎች በ600 ብር፣ ማለትም እርማት ለሌለው ኮርስ ካወጣነው ዋጋ በግማሹ፣ እርማትን ጨምራችሁ ሽጡ፤ ዋጋው ለምን እንደቀነሰም በግልጽ ንገሯቸው፦ የቀሩት ሞጁሎች የሚቀረጹት በየሳምንቱ በእነርሱ ጥያቄ ላይ ተመሥርቶ ነው። በዚያ ዋጋ በሰዓት የምታገኙት ትንሽ መሆኑን አይተናል፤ በለውጡ ግን ተማሪ የሚሳሳትባቸውን ቦታዎች ታገኛላችሁ፣ ይህን ብቻችሁን ማይክ ፊት ተቀምጣችሁ ልታገኙት አትችሉም።

መድረኩ ቴሌግራም ቢሆን ለጅምሩ በቂ ነው። አንዱ ቻናል ክፍት ሆኖ ለማስተዋወቂያ ይውላል፣ ሌላው የግል ሆኖ ለተመዘገቡት ብቻ ይሆናል። ክፍት በሆነው ላይ ከሁሉ የሚያስቸግረውን፣ ያንን የ9,000 ብር ምሳሌ፣ ሳትቆራርጡ በሙሉ አስተምሩ። ጥሩውን ደብቆ ፍርፋሪውን ማሳየት ገዢ አያመጣም። ለግል ቻናሉ በአስተዳዳሪ ፈቃድ ብቻ የሚያስገባ ሊንክ ተጠቀሙ፤ ይዘት እንዳይቀመጥና እንዳይተላለፍ የሚከለክለውንም አብሩ። ይህም ሆኖ ቪዲዮ መሾለኩ አይቀርም፣ ስክሪኑን በሌላ ስልክ የሚቀርጽ ይኖራልና። በዚህ እምብዛም አልጨነቅም፤ እርማቱ አይሾልክም።

ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ ሲሆን፣ ስክሪንሾት አይታችሁ ብቻ ሰው አታስገቡ፤ በቀላሉ የሚቀነባበር ነገር ነው። የግብይት ቁጥሩን ጠይቁና በራሳችሁ ስልክ ከደረሰው መልእክት ጋር አመሳክሩ።

ምዝገባው የሚከፈትበትን ቀን በደንብ አስቡበት። የፔሮል ጭንቀት የሚበረታው ወሩ ሲገባደድ ነው፣ ገንዘብ እጅ የሚገባውም ያኔ ነው፤ ስለዚህ ከወሩ 27 እስከ ቀጣዩ ወር 3 ክፈቱና በሰዓቱ ዝጉ። ሐምሌ የሒሳብ ሰው የበጀት ዓመት መዝጊያ ይዞት ፋታ የማያገኝበት ወር ነው፤ መስከረም የልጆች ትምህርት ቤት ወጪ ኪስን የሚያራቁትበት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለዚህ ኮርስ የተሻለ ይመስለኛል።

ትምህርቱ ሲጀመር በየቪዲዮው ሥር ያለውን የተመልካች ቁጥርና የተላኩትን ፋይሎች ብዛት አብራችሁ ተከታተሉ። ሦስተኛውን ሞጁል አሥራ አራት ሰው አይቶ አሥራ ሦስት ፋይል ከመጣ፣ አራተኛውንም አሥራ አራት ሰው አይቶት ስድስት ፋይል ብቻ ከመጣ፣ ሰዎቹ አልሰነፉም፤ ቪዲዮው ከሚያስተምረው ይልቅ የቤት ሥራው ከብዷል ማለት ነው፣ በመካከል አንድ ምሳሌ መጨመር ይኖርባችኋል። ተመልካቹ ራሱ ከቀነሰ ግን ችግሩ ከዚያ በፊት ባለው ቪዲዮ ርዝመት ወይም በሳምንቱ ጫና ውስጥ ይፈለግ።

በምዝገባው ሳምንት ከአምስት ሰው በላይ ካልተገኘ ገንዘቡን በማግስቱ መልሱና እምቢ ካሉት መካከል ሁለት ሦስቱን በስልክ ጠይቁ። «ዋጋው በዛ» ካሉ ወዲያው አትቀንሱ፤ መጀመሪያ በአሁኑ ወር ፔሮሉን ማን እንደሠራላቸው ጠይቋቸው። «የቢሮው አካውንታንት» ካሉ፣ የቀረባችሁት ለማይመለከተው ሰው ነውና ዋጋውን ሳትነኩ ማስታወቂያውን ወደዚያ አካውንታንት አዙሩት። «እኔው ሠራሁት፣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም» ካሉ ደግሞ፣ ሁለተኛውን ምዝገባ ስትከፍቱ መጀመሪያ የምትደውሉት ለእነርሱ ነው።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ፤ ጥያቄ ያላችሁ ፋይሉን ከፍተን በሠንጠረዡ ላይ እንነጋገር።