ፍሬሙ ሲሰነጠቅ ማን ይበይደዋል?

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ የለም። ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ ሳይክሌ ነው። ማለቴ ስለ አሮጌው፣ ስለተሰነጠቀው።

ያ ሳይክል አልሙኒየም ነበር። ቀላል ነው፣ አይዝግም፣ ዋጋውም መሀል ላይ ያለ ነው። ሦስት ዓመት ነዳሁት። አንድ ቀን ከለገሃር ተነስቼ የቸርችልን ዳገት ወደ ማዘጋጃ ቤት ስወጣ፣ ፔዳሉን በረገጥኩ ቁጥር ቂጭ ቂጭ ይል ጀመር። ፔዳሉ ነው ብዬ ግሪስ ቀባሁት። አልተወም። ኩሽኔታውን አስቀየርኩ። አሁንም ቂጭ!

ቅዳሜ ሳጥበው አገኘሁት። ከመሪው ሥር ወደታች በሚወርደው ወፍራም ቱቦ ላይ፣ ከብየዳው አጠገብ፣ ፀጉር የምታክል ጥቁር መስመር አለች። የቀለም ጭረት መስላኝ ነበር። ጥፍሬን ሳስኬድባት ግን ያዘችው። እዚህ ቦታ ላይ ስንጥቅ ካያችሁ በቃ፣ ውረዱና ግፉት። ቱቦው ከተበጠሰ የፊት ጎማው ለብቻው ነው የሚሄደው።

ፒያሳ አካባቢ የማውቃቸው አንድ በያጅ ነበሩ። አዩትና «ልጄ፣ ይሄ አልሙኒየም ነው፣ በኔ ኤሌክትሮድ አይሆንም» አሉኝ። ሐቀኛ ሰው ናቸው፣ እኔ ግን አልሰማሁም። አልሙኒየም የሚበየድበት የአርጎን ጋዝ ያለው ሌላ ወጣት ፈልጌ አስበየድኩት። ብየዳው ሲያዩት ያምራል፣ የሳንቲም ድርድር ነው የሚመስለው። በሁለተኛው ወር እንደገና ተሰነጠቀ። የሚገርመው ብየዳው ራሱ ምንም አልሆነም። የተሰነጠቀው ከጎኑ፣ አንድ ጣት ያህል ራቅ ብሎ ነው።

ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። ፍሬሙ ላይ 6061 የሚል ተለጥፎበታል። ይህ ዓይነት አልሙኒየም ጥንካሬውን የሚያገኘው ከሙቀት ሕክምና ነው። ፋብሪካው ከበየደው በኋላ ሙሉ ፍሬሙን ወደ 530 ዲግሪ ያሞቀዋል፣ በአንዴ ያቀዘቅዘዋል፣ ከዚያ 170 ዲግሪ አካባቢ ባለ ምድጃ ውስጥ ለሰዓታት ያቆየዋል። እንደገና ስትበይዱት ያ ሁሉ ልፋት በብየዳው ዙሪያ ይጠፋል። እዚያ ቦታ ላይ ሲሶ ወይም ከዚያ በላይ ጥንካሬው ይወርዳል። ወጣቱ አርጎን እንጂ ምድጃ አልነበረውም። እጁ ላይ ስህተት የለም።

ሌላም ነገር አለ። ብረት ጫናው ከተወሰነ መጠን ካላለፈ፣ ስንት ጊዜ ቢደጋገምበት ይችለዋል። አልሙኒየም እንዲህ ያለ ወሰን የለውም። እያንዳንዷን የኮብልስቶን ንቅንቅታ ይቆጥራል። ጥሩ ፋብሪካ ይህን አስቦ ቱቦውን ስለሚያወፍረው ብዙ ዓመት ይሄዳል። የኔ ግን ርካሹ ነበር።

ከካርቦን ጨርቅና ከሙጫ ስለሚሠራው ፍሬም ብዙ አልልም። ጓደኛዬ አለው፣ በአንድ እጁ ያነሳዋል፣ እኔም ቀንቻለሁ። ከሦስቱ ውዱ እሱ ነው። አንዴ ወድቆ ቱቦው የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ መታው። ቀለሙ ብቻ ነው የተጫረው። በሳንቲም እየመታን ስንሄድ ግን ጥርት ያለው ድምፅ አንድ ቦታ ላይ ታፈነ። ውስጡ ተላቆ ነበር። ካርቦን ይጠገናል፣ የተጎዳው ተፍቆ አዲስ ጨርቅ በሙጫ እየተደራረበ ይለበጣል። የለመደ እጅ ካገኘ በደንብ ይጠነክራል። ችግሩ ሥራው ሲያልቅ ውስጡን ማየት አለመቻላችሁ ነው።

እና ብረት ለመግዛት ወሰንኩ። ያገለገለ ሳይክል ላይ ጽሑፉ ብዙ ጊዜ ተፍቋል፣ ስለዚህ ማግኔት ኪሴ ውስጥ ይዤ ነበር የምሄደው። ከያዘ ብረት ነው፣ ካልያዘ ከሌሎቹ አንዱ። ክብደቱ? አዎ፣ ይከብዳል፣ ቸርችል ላይ አሁንም ያንገበግበኛል። ግን ቢሰነጠቅ እኚያ የፒያሳው ሰውዬ በኦክስጅን ብየዳና በነሐስ ሽቦ ይይዙልኛል። ወፍራሙ ተራ ብረት ደግሞ በኤሌክትሮድም ይበየዳል። የሚያስቸግረው ምርጡ ብረት ነው! ቱቦው መሀል ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ስለሚሆን ኤሌክትሮድ ይበሳዋል።

መጀመሪያ ያየሁትን የብረት ሳይክል ሳልገዛ ተመለስኩ። የኮርቻው ዘንግ አልሙኒየም ነው፣ ፍሬሙ ብረት፣ ሁለቱ ውሃ ገብቶባቸው ተጣብቀዋል። ሻጩ «ይላቀቃል ባክህ» አለኝ። ታዲያ ለምን አላላቀቀውም? ሁለተኛው ላይ ዘንጉ ወጣ፣ ወደ ውስጥ በስልክ መብራት አየሁ፣ ዝገቱ የላይ የላዩን ነው። ገዛሁት። ሰኔ ሲገባ ፍሬሙን ገልብጬ ውስጡን ዘይት አጠጣሁት። የኮርቻውን ዘንግም ግሪስ ቀብቼ መለስኩት።