«እንደዚህ አድርግልኝ» አይበቃም፦ ለኤአይ ሪፈረንስ ፎቶ ስትሰጡ ምኑን ይውሰድ?

ሰላም ሰላም! እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ከኮምፒውተሩ በፊት ሽሮ ሜዳ ነው የምወስዳችሁ።

እህቴ ለሰርግ የሐበሻ ቀሚስ ልታሰፋ ሄደች። ስልኳ ላይ አንድ ፎቶ አለ። ልጅቷ ቆንጆ፣ ቀሚሱ ቆንጆ፣ የያዘችው አበባ ሳይቀር ቆንጆ። ለልብስ ሰፊው አሳየችውና «እንደዚህ አድርግልኝ» አለችው።

ሰውየው ፎቶውን አጎላ፣ አሳነሰ፣ እንደገና አጎላ። ከዚያ «ምኑን ነው የወደድሽው?» አላት።

«ሁሉንም!»

«ሁሉንም የሚባል ነገር የለም እህቴ። ጥለቱን ነው? ቅዱን ነው? ጨርቁን ነው? ወይስ እጅጌውን?»

እሷ ቸኩላለች። «ሁሉንም አልኩህ እኮ!» ብላ ቀብድ ከፍላ ወጣች። ቀሚሱ ሲደርስ ጥለቱ ቁርጥ ፎቶው ነው። ቀለሙም ያው። እህቴ ግን ለካ የወደደችው እጅጌውን ነበር! እጅጌው ደግሞ ፎቶው ላይ በአበባው ግማሽ በግማሽ ተሸፍኗል። ሰፊው ያላየውን በግምት ሰፋው። ሰውየውን አልፈርድበትም። እሱ እኮ ቢያንስ ጠይቋል።

ኤአይ ግን ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። ዝም ብሎ ይሰፋል።

ሪፈረንስ ፎቶ ማለት ይሄው ነው። ፎቶ ታስገባላችሁ፣ «እንደዚህ አድርግልኝ» ትላላችሁ፣ የወደዳችሁትን ትቶ ያልወደዳችሁትን ያመጣላችኋል። ከዚያ እኔ ጋ መጥታችሁ ኮመንት ላይ ትጮሃላችሁ። (ሰብስክራይብ ያላደረገ ሰው መጮህ አይችልም፤ ሕጉ እንደዛ ነው።)

እሺ፣ የዛሬው ሥራችን። አንዲት ጓደኛዬ በርበሬ በብርጭቆ ጠርሙስ አሽጋ ትሸጣለች። ማስታወቂያ ፈለገች። የወደደችው ፎቶ ደግሞ የቡና ነው።

(ስክሪን ላይ፦ ጀበና፣ ሦስት ሲኒ፣ ጥቁር ግድግዳ፣ ከግራ የሚገባ የመስኮት ብርሃን)

መጀመሪያ ፎቶውን አስገብታ «በዚህ ስታይል የበርበሬ ማስታወቂያ ሥራልኝ» ብላ ጻፈች። የመጣላትን እዩት። በርበሬው አለ። ጀበናውም አለ! በርበሬ አጠገብ ጀበና ምን ይሠራል? ሲኒዎቹ ደግሞ አራት ሆነዋል። ተባዝተዋል እንግዲህ።

ለምን እንደዚህ ሆነ? «ስታይል» የሚለው ቃል ለእኛ ግልጽ ነው፣ ለማሽኑ ግን ጭጋግ ነው። ሲማር ያን ዓይነት ጨለምለም ያለ ሞቅ ያለ ብርሃንና የቡና ዕቃን አንድ ላይ ካየ፣ አንዱን ስትጠሩት ሌላው ተከትሎ ይመጣል። ስለዚህ ቃሉን መበተን አለባችሁ። የብርሃኑን አቅጣጫ፣ የቀለሙን ሙቀት፣ ካሜራው ከየት እንደሚያይ፣ ዕቃው የት እንደተቀመጠ፣ ባዶ ቦታው በየት በኩል እንደሆነ። ጥለት፣ ቅድ፣ ጨርቅ፣ እጅጌ። ያው ሰፊው የጠየቀው ነው።

ቴክኒካሉን በፍጥነት እንለፈው፣ መሠረቱን ባለፈው አይታችኋል። ስቴብል ዲፊውዥን የምትጠቀሙ፣ ኢሜጅ ቱ ኢሜጅ ላይ ፎቶው ምን ያህል ይቀየር የሚለውን የሚወስነው ዲኖይዚንግ ስትሬንግዝ የሚባለው ቁጥር ከ0 እስከ 1 ነው። 0.3 አካባቢ ከሆነ ፎቶው ብዙም አይነካም። 0.8 ካደረሳችሁት ጥቅል አቀማመጡና ቀለሙ ብቻ ይቀራል። ሚድጆርኒ ላይ መልኩን ብቻ ለመዋስ `--sref`፣ ጥንካሬውን ለመወሰን `--sw`። እሱ ከ0 እስከ 1000 ነው፣ ካልነካችሁት 100 ላይ ይቆማል። በጽሑፍ ብቻ የምታዙት ዓይነት ከሆነ ቁልፉ የእናንተ ዓረፍተ ነገር ነው። በቃ፣ አለቀ።

አሁን አንድ ነገር አለ፣ ሳልናገረው ማለፍ አልችልም። በየቪዲዮው ሥር አንድ ኮመንት አይጠፋም። «ኤአይ እኮ ፎቶውን ቆርጦ ነው የሚለጥፈው፤ ጠርሙሱ ይቆይ ካልኩት ጠርሙሱ ያው ነው።»

አይደለም! ወገን፣ አይደለም! መቀስ የለውም። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ፎቶውን ወደ ቁጥር ይለውጡትና ምስሉን እንደ አዲስ ይሥላሉ። «ይቆይ» ያላችሁትም ነገር እንደገና ይሣላል። በጣም ተመሳስሎ ሊሆን ይችላል፣ ግን ያው አይደለም። ማረጋገጥ ትፈልጋላችሁ? የጓደኛዬን ጠርሙስ ፎቶ ከነጽሑፉ አስገብተን «ጠርሙሱ ይቆይ» ብለን የሞከርነውን እዩ። ቅርጹ ልክ ነው፣ ክዳኑ ልክ ነው። አሁን ጽሑፉን አጉሉት። «በርበሬ» የሚለው ምን ሆኗል? «በ» አለ፣ ቀጥሎ የግዕዝ ፊደል የሚመስል ግን በየትኛውም ገበታ ላይ የሌለ ነገር አለ። ቆርጦ ቢለጥፍ ኖሮ ፊደሉ ይበላሽ ነበር? ጥለትም እንደዚሁ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ያው፣ ከቅርብ መስመሩ መሃል ላይ ይጠፋል።

አንድ ቦታ ብቻ ቀብታችሁ «ይሄን ብቻ ቀይር» የምትሉባቸው አሉ፣ አውቃለሁ። እነሱ ላይ ያልቀባችሁት በአብዛኛው ይተርፋል። እሱ ሌላ ነው። ኮመንት ላይ እንዳትጨቃጨቁኝ።

እሺ፣ ወደ በርበሬው። ሦስት ነገር ቀየርን።

አንደኛ፣ ጀበናውን ከፎቶው ቆርጠን አወጣነው። በመቀስ አይደለም፣ በስልኩ ክሮፕ። ግድግዳው፣ ብርሃኑና የጠረጴዛው ጠርዝ ብቻ ቀሩ። ያላየውን ጀበና አምጥቶ የመሰንቀር ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። «ጀበና አታምጣ» ብሎ መጻፍ ግን አንዳንዴ ይብሳል። ስሙን ጠራችሁት እኮ! በቦታው ምን እንደሚሆን ንገሩት።

ሁለተኛ፣ የራሷን ጠርሙስ በስልኳ አንስታ እንደ ሁለተኛ ፎቶ አስገባች። የላዩን ወረቀት ልጣ ነው ያነሳችው። ጽሑፉን መጨረሻ ላይ ካንቫ ላይ እንጽፈዋለን። ፊደል ለማሽን አደራ አይሰጥም።

ሦስተኛ፣ ትእዛዙ። ልክ እንደዚህ ጻፍን፦

«ከመጀመሪያው ፎቶ ብርሃኑን ውሰድ፦ ከግራ የሚገባ ለስላሳ የመስኮት ብርሃን፣ ጥላው ወደ ቀኝ። ጥቁሩ ግድግዳና ካሜራው ትንሽ ከላይ የሚያይበት ማዕዘን ይቆዩ። ከሁለተኛው ፎቶ ጠርሙሱን ውሰድ፤ ቅርጹንና ክዳኑን አትቀይር። ጠርሙሱን በግራ በኩል ሰፌድ ላይ አስቀምጥ። ሰፌዱ ላይ የደረቀ ዛላ በርበሬ ይኑር። የቀኙ ግማሽ ባዶ ይሁን።»

አያችሁ? እያንዳንዱ ነገር ከየትኛው ፎቶ እንደሚመጣ ተነግሮታል። የሚወሰደው አለ፣ የሚቆየው አለ፣ አዲሱ አለ።

(ስክሪን ላይ፦ የመጀመሪያው ውጤት)

ቆንጆ ነው፣ አይደል? እኔም ወደድኩት። ጓደኛዬ ግን ዓይኗ ክፉ ነው፣ «ጥላውን እየው» አለችኝ። የዛላው ጥላ ወደ ቀኝ ሄዷል፣ የጠርሙሱ ጥላ ወደ ግራ። ሁለት ፀሐይ ያለበት ቤት! ከየት መጣ? እሷ ጠርሙሱን ያነሳችው ብርሃን ከቀኝ በኩል በሚገባበት ሰዓት ነበር። ሁለት ፎቶ ስትሰጡ ሁለት ብርሃን ሰጣችሁ ማለት ነው። በቃል አስተካክል ብንለው የጠርሙሱን ጥላ በማዞር ፈንታ ጭራሽ አጠፋው። ስለዚህ ጠርሙሱን መስኮቱ በግራዋ እንዲሆን አዙራ እንደገና አነሳችው። ትእዛዙን አንድ ቃል ሳንነካ መለስነው።

(ስክሪን ላይ፦ የመጨረሻው ውጤት)

ይሄው። ሰፌዱን ግን አታጉሉት። አክርማው መሃል ላይ ደርሶ ወዴት እንደሚሄድ እሱም አያውቅም። በርበሬ የሚገዛ ሰው ሰፌድ አይቆጥርም ብላ ለጠፈችው።