ከሰከንድ አንድ አሥረኛ

(ባሕር ዳር ላይ ለሾፌሮችና ለጋራዥ ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ሾፌሮች፣ የጋራዥ ባለሙያዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ከባሕር ዳር ወደ ወረታ የምትሄድ የቤት መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየበረረች ከግንብ ጋር ፊት ለፊት ተላተመች እንበል። እስክትቆም ድረስ የሚፈጀው ከሰከንድ አንድ አሥረኛ አይበልጥም።

መጀመሪያ ሥራ የሚጀምረው የፊት ላሜራው ነው። «የድሮ መኪና ብረት ነበር፣ የዛሬው ቆርቆሮ ነው» ስትሉ እሰማለሁ። እኔ ቆርቆሮውን እመርጣለሁ። ከኮፈኑ በታች ያሉት የሻንሲ ክንዶች ሆን ተብሎ እንዲጨማደዱ የተሠሩ ናቸው። አፍንጫው 60 ሴንቲ ሜትር ቢጨማደድ፣ ከመኪናው ጋር በደንብ የታሰረ ሰው ላይ የሚያርፈው ኃይል በአማካይ የክብደቱን 16 እጥፍ ያህል ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢጨማደድ ግን ወደ 100 እጥፍ ይጠጋል።

ቀበቶ ያላሰረው ሰው ከዚህ ከ60 ሴንቲ ሜትሩ ምንም አያገኝም። መኪናው ሲቆም እሱ አሁንም በ50 እየሄደ ነው። መሪው ጋ ሲደርስ ላሜራው ተጨማድዶ ሊጨርስ ተቃርቧል። ያሰረም ቢሆን ቀበቶው ከላላ፣ ወይም ከጋቢ በላይ ከታሰረ፣ የመጀመሪያዎቹ ሴንቲ ሜትሮች በከንቱ ያልፉበታል። ለዚህ ነው ቀበቶ ሳቢ የተሠራው። ዳሳሹ ግጭቱን በ10 እና በ20 ሚሊሰከንድ መካከል ሲለይ፣ ጥቂት ባሩድ ተቀጣጥሎ ቀበቶውን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ሰውየው ወንበሩ ላይ ይጣበቃል።

ኤርባጉም ከዚያው ቅጽበት ጀምሮ በ30 ሚሊሰከንድ ገደማ ይሞላል። ደረታችሁ ሲደርስበት ሞልቶ፣ በጀርባው ቀዳዳዎች ጋዙን እያስወጣ መሆን አለበት። ቀበቶ ያላሰረ ወይም መሪው ላይ ተደፍቶ የሚነዳ ሰው ግን ገና እየፈነዳ ያገኘዋል፤ ያ ደግሞ ራሱ ይጎዳል። ደረታችሁ ከመሪው መሃል ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ይራቅ።

አሁን ወደ ጋራዥ ልግባ፤ የመጣሁትም ለዚህ ነው። ተጋጭታ የተጠገነች መኪና ላይ ባትላሜራው የተጨማደደውን ክንድ አቅንቶ ወፍራም ብረት ከበየደበት፣ አፍንጫው መጨማደዱን ያቆማል። ዳሳሹ የሚያነበው የፍጥነት ለውጥም ፋብሪካው ካሰበው ይለያል፤ ያን ጊዜ ኤርባጉና ሳቢው የሚተኮሱበት ሰዓት ሊዛባ ይችላል። ከፊት የሚገጠም የብረት አጥርም እንዲሁ ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። የፈነዳ ኤርባግ መተካት ውድ ስለሆነ ክዳኑ ብቻ ተተክቶ፣ በሶኬቱ ላይ ሬዚስተር ይገጠማል፤ ኮምፒውተሩ ኤርባጉ ያለ ይመስለዋል። ቁልፉን ስትከፍቱ የኤርባጉ መብራት መብራት አለበት፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ይጠፋል። ጭራሽ ካልበራ አንድ ሰው አምፖሉን ነቅሎት ወይም ሸፍኖት ሊሆን ይችላል። ሬዚስተሩን ግን መብራቱ አያጋልጠውም። ስለዚህ ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ጎትታችሁ ልቀቁት። ሳቢው የተተኮሰ ቀበቶ ብዙ ጊዜ ይነክሳል፣ አይመለስም፣ ወይም ማሰሪያው ወትሮ ከሚቆምበት ዝቅ ብሎ ይገኛል። የቀበቶው መለያ ጨርቅ ላይ የታተመውን የምርት ዓመት ከመኪናዋ ዓመት ጋር አስተያዩ። ከመኪናዋ ዓመት በኋላ የተሠራ ከሆነ ተቀይሯል ማለት ነው፤ ኤርባጉም አብሮ ተቀይሮ እንደሆነ ሻጩን ጠይቁት።